የወላጅ እርሳስ የት ይረፍ? የልጅን የአማርኛ ድርሰት ስለ ማየት

የዛሬው ንግግሬ ጠባብ ጉዳይ ይዟል። ልጅ የክፍል ሥራ ብሎ የጻፈውን አንድ ገጽ ድርሰት ለወላጁ ሲያሳይ፣ ወላጁ የትኛውን ነገር ሊጠቁም፣ የትኛውንስ አይቶ እንዳላየ ሊያልፍ ይገባዋል? ጥያቄውን የማነሣው ስለ ማንኛውም ቋንቋ አይደለም። የማነሣው ስለ አማርኛ፣ በተለይም በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ ስለሚነገረውና ስለሚጻፈው አማርኛ ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት አስተራረም መጻሕፍት የሚሰጡት ምክር በፊደላችንና በግሳችን ጠባይ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይከሽፋልና።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። የሚከተለው የአንድ የታወቀ ልጅ ሥራ አይደለም። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሚጽፉበት አኳኋን ለዚህ ንግግር ያዘጋጀሁት ነው፤ ይሁን እንጂ በውስጡ ያሉት ነገሮች ሁሉ የልጆችን ደብተር ለሚያይ መምህር እንግዳ አይሆኑበትም።

«ባለፈው ሳምንት ካባቴ ጋር አንኮበር ሄድን። ተደብረ ብርሐን በጧት ተነስተን ጎረቤላ ስንደርስ ጭጋግ ነበር ፀሀይ አይታይም። አያቴ ከደጅ ቆማ ኑ ግቡ ተዚህ ብርድ ምን ያቆማችኋል አሉን። አያቴ ቆሎ ቆልታ ቡና አፍልታ ጠጥቶ ወደ ማሳ ሄደ። ማታ ብርዱ ሲጠና ባና ለብሰን እሳት ዳር ተቀመጥን። አጎቴ ነገ በሬው ይወጋል አለኝ። እኔም ፈርቼ አልተኛሁም። ጉዞው በጣም ጥሩ ነበር።»

ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ወላጅ በዚህች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ቢያንስ ዐሥራ ሁለት የሚያርመው ነገር ያገኛል። ካባቴ፣ ተደብረ፣ ብርሐን፣ ተነስተን፣ ፀሀይ፣ የተዘነጋው አራት ነጥብ፣ ቆማ ተብሎ አሉን የተባለው፣ ያልገባው ትእምርተ ጥቅስ፣ ተዚህ፣ ጠጥቶ፣ ባና፣ ይወጋል። ሁሉንም ካረመ ገጹ ቀይ ይሆናል፤ ልጁም በዚያ ቀይ ውስጥ ክብደት ያለውን ከሌለው መለየት አይችልም። የእኔ አቋም ከዐሥራ ሁለቱ ሦስቱ ብቻ የግድ መነሣት አለባቸው የሚል ነው። ሁለቱ በለዘብታ ይጠቆማሉ፤ የቀሩት ይለፉ። ምክንያቱን ከሚለፉት ልጀምር፤ ወላጆች አብዝተው የሚደክሙት በእነዚያ ላይ ነውና።

ብዙ ቀለም የሚያስፈስሱት ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፤ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ። በግእዝ እነዚህ ፊደላት ትርጉም ይለያሉ፤ ሠረቀ ወጣ፣ ታየ ማለት ሲሆን ሰረቀ ግን ሌብነት ነው። በአማርኛ ንግግር ግን የድምፅ ልዩነታቸው ጠፍቷል። ስለዚህ ልጅ ተነሥተን የሚለውን ተነስተን ብሎ ሲጽፍ የሚሰማውን በትክክል ጽፏል። የሚጎድለው ስለ ግእዙ ግስ ስለ ነሥአ ማወቅ ነው፤ ይህም የአምስተኛ ክፍል ትምህርት አይደለም።

እዚህ ላይ «ሊቃውንቱ ግን ያርሙት ነበር» የሚል አይጠፋም። ያርሙት ነበር፤ ነገር ግን የሊቃውንቱን መጻሕፍት ከፍተን እንይ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት መምህሩ ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948 ዓ.ም. ታተመ፤ በርእሱም ላይ «ሐዲስ» የሚለው ቃል አለ። ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ሥራ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው አወጡ። ሁለቱም የሸዋ ሰዎች ናቸው። እነሆ፣ ደስታ «ዐዲስ» የሚለውን በዐይኑ ዐ ጻፉት፤ ቃሉ ከግእዙ ሐዲስ የመጣ በመሆኑ የጉሮሮው ፊደል ሲለሰልስ ወደ ዐ እንጂ ወደ አ አይሄድም በሚል ሥርዐት። አገሩ ሁሉ ግን አዲስ አበባን በአልፋው አ ይጽፋል። የልጁን መምህር ጨምሮ ማንም በዚህ አይወቀስም። ታዲያ ወላጁ በየትኛው ሥልጣን ሊያርም ነው? በሊቁ ከሆነ ራሱም ሳያውቀው የከተማችንን ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ግማሽ ማረም ይኖርበታል። በልማድ ከሆነ ደግሞ ልማዱ ራሱ አንድ አይደለም።

በዚያው ርእስ ላይ ሌላም ትምህርት አለ፤ «የአማርኛ» ሳይሆን «ያማርኛ» ይላል። ሁለቱ አናባቢዎች ሲገናኙ አንዱ ተውጧል። ምሳሌው ላይ ያለው ልጅ «ካባቴ» ሲል ያደረገው ይህንኑ ነው። ወላጁ በቀይ ሰርዞ «ከአባቴ» ብሎ ቢጽፍለት፣ ስሕተት ተብሎ የተሰረዘው በመዝገበ ቃላት ሽፋን ላይ የታተመ አጻጻፍ ነው። ይለፍ።

ከሞክሼዎቹ መካከል የምለየው አንድ ነገር ስም ነው። የልጁ የራሱ ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት ፊደል ሊጻፍ ይገባል። ኃይሉ በአንዱ ሰነድ ኃይሉ፣ በሌላው ሀይሉ ሆኖ ሲገኝ ጣጣው ከቋንቋ ትምህርት ያልፋልና፤ የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት የተጉላላ ሰው ያውቀዋል። የከተማውንም ስም ከዚሁ እቆጥረዋለሁ። ብርሃን ከግእዙ በርሀ የተገኘ ስለሆነ በሀሌታው ነው የሚጻፈው። ወላጁ ይህን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ወሬ ቢያወራው ይበቃል፤ ከተማው በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ከታየ ብርሃን የተነሣ ስሙን አገኘ የሚለውን ትውፊት የሚያውቅ ልጅ ፊደሉንም ይዞት ይቀራል። ከለዘብተኞቹ ሁለት ጥቆማዎች አንዱ ይህ ነው።

ከፊደል ወደ አነጋገር እንለፍ። «ተደብረ ብርሃን»፣ «ተዚህ» የሚለው «ተ» የአካባቢያችን «ከ» ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠር ብቻ ሳይሆን በወሎም ይሰማል። የመማሪያ መጽሐፉ አማርኛ «ከ» ይላል። ሁለቱን የምለያያቸው በተናጋሪው ነው። አያት ስትናገር «ተዚህ ብርድ ምን ያቆማችኋል» ብላለች፤ ልጁ ያለችውን ጽፏል። ይህን ወደ «ከዚህ» የሚለውጥ ወላጅ ከጽሑፉ ውስጥ ሴትዮዋን ራሷን አስወጣት ማለት ነው። ልጁ በራሱ ድምፅ ሲተርክ የጻፈው «ተደብረ ብርሐን» ግን ሌላ ነው። መምህሩ ነጥብ ሊቀንስበት ይችላልና ወላጁ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ «እኛ ቤት ተ እንላለን፣ ትምህርት ቤት ከ ብለህ ጻፍ» ቢለው ጥሩ ነው። ሁለተኛው ለዘብተኛ ጥቆማ ይኸው ነው። «ተሳስተሃል» የሚለው ቃል ግን እዚህ ቦታ የለውም። ልጁ ከአያቱ አፍ የሰማውን ቋንቋ ስሕተት ነው ካልነው አያቱንም አብረን አርመናታል።

ስለ «ባና» አጭር ነገር ብዬ ልለፍ። ባና በደጋችን ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ ነው። አንዳንድ ወላጅ ቃሉ የገጠር መስሎ ይታየውና «ብርድ ልብስ» ብሎ ይተካዋል። በደብረ ብርሃን፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ ሁለቱ አንድ ዕቃ እንዳልሆኑ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ልጁ ትክክለኛውን ቃል አግኝቶ ሳለ ወላጁ ትክክል ባልሆነ ቃል ለወጠበት። ከሁሉ የከፋው እርማት እንዲህ ያለው ነው እላለሁ።

አሁን የግድ ወደሚነሡት ሦስት ነገሮች እንምጣ። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው አንባቢ የጻፈውን ልጅ ካልጠየቀ በቀር ሊፈታቸው አለመቻሉ ነው።

የመጀመሪያው «አያቴ ከደጅ ቆማ … አሉን» የሚለው ነው። በአማርኛ «አሉ» የብዙዎችም፣ የአንድ የተከበረ ሰውም ግስ ነው። ልጁ አያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዴ በሴት ነጠላ፣ አንዴ በአክብሮት ስለ ጠራት፣ አንባቢው ከደጅ የቆመችው አንዲት ሴት ስትሆን የተናገሩት ግን ሌሎች ሰዎች ይመስሉታል። እዚህ ላይ ወላጁ መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። አያትን አንቺ ማለትና እርስዎ ማለት የየቤቱ ወግ ነው፤ የትኛው ይሻላል ብሎ በድርሰቱ ላይ መፍረድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልጁ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው እንዲይዝ ማድረግ ነው። ጥያቄው «ያሉህ ስንት ሰዎች ናቸው?» ይሁን። ልጁ «አንድ» ይላል፤ ከዚያም መለስ ብሎ ሲያነበው ራሱ ያየዋል።

ሁለተኛው በጣም የአማርኛ የሆነ ችግር ነው፤ «አያቴ ቆሎ ቆልታ ቡና አፍልታ ጠጥቶ ወደ ማሳ ሄደ»። በቦዝ አንቀጽ ድርጊትን በድርጊት ላይ መደርደር የቋንቋችን ጸጋ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ሆኖም ቦዙ እያንዳንዱ ባለቤቱን በመጨረሻው ላይ ይዞ ስለሚሄድ፣ ቆልታና አፍልታ ብሎ በሴት የጀመረው ሰንሰለት ድንገት ጠጥቶና ሄደ ሲል ሰው ተለውጧል። ማን ጠጣ? ብዙ ወላጅ እዚህ ደርሶ ወደ «ጠጥታ … ሄደች» ያርመዋል፤ ሰዋስዉም ይስተካከላል። ልጁን ብትጠይቁት ግን ሌላ ነገር ይሰማል፤ «አያቴ ነው የጠጣው፣ ወንዱ»። አያት በአማርኛ ለሴትም ለወንድም አንድ ቃል ነው፤ ልጁ በጭንቅላቱ ሁለት አያቶች ነበሩት፣ በወረቀቱ ላይ ግን አንድ ቃል ብቻ አሰፈረ። ስሕተቱ የጾታ መስማማት መስሎ ይታያል፤ እውነተኛው ጉድለት ግን አንድ ሰው ከታሪኩ መጥፋቱ ነው። ጠጥታ ብሎ ያረመው ወላጅ ሽማግሌውን ከእርሻው አስቀረው፣ አሮጊቷንም ያለ ፈቃዷ ወደ ማሳ ላካት። «ሴት አያቴ ቆሎ ቆልታ ቡና አፈላች። ወንድ አያቴም ቡናውን ጠጥቶ ወደ ማሳ ሄደ» የሚለው እርማት ከልጁ ራሱ ካልሆነ ከማንም ሊመጣ አይችልም።

ከዚህ ተነሥቼ ለወላጅ የምሰጠው መመሪያ አጭር ነው፤ ቦዝ አንቀጾች ሦስትና አራት ሆነው ሲደረደሩ ስታዩ በእያንዳንዱ ላይ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሁሌ አንድ ሰው ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ የቱንም ያህል ቢረዝም ተዉት። መልሱ ከተለወጠ ለውጡ ላይ ሰውየው በስሙ መጠራት አለበት።

ሦስተኛው «በሬው ይወጋል» ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ይወጋል» ላልቶ ሲነበብ በሬው በቀንዱ ሰው ይወጋል፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ በሬው ራሱ ይወጋል፣ ማለትም የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መርፌ ይወጋዋል። «ነገ» የሚለው ቃል ወደ መርፌው ያደላል፤ በሬ ለመውጋት ቀጠሮ አይዝምና። «ፈርቼ አልተኛሁም» የሚለው ግን ወደ ቀንዱ ይመልሰናል። ወይስ ልጁ ያልተኛው ለበሬው አዝኖ ነው? የድርሰቱ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢው ግን አያገኘውም። ልጁ ስሕተት አልጻፈም፤ ፊደሉ ሊሸከምለት የማይችለውን ነገር ጣለበት። መድኃኒቱ አንድ ቃል መጨመር ነው፤ «በሬው መርፌ ይወጋል» ወይም «በሬው ሰው ይወጋል»። አለ፣ ይሰማል፣ ይበላል የሚሉትም ቃላት እንዲህ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዐውዱ ይፈታቸዋል፣ ያልፈታቸው ጊዜ ብቻ ይጠየቅ።

ይህን ችግር በዐይን እያነበበ የሚያርም ወላጅ ብዙ ጊዜ አያየውም። ዐይኑ አንዱን ንባብ መርጦ ያልፋል። ስለዚህ አሠራሩ ይለወጥ፤ መጀመሪያ ወላጁ ወረቀቱን ሳያይ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት። ቀጥሎ ወላጁ ያንኑ ለልጁ ያንብብለት። በሁለተኛው ንባብ ወላጁ «ይወጋል»ን ባላሰበው አኳኋን ሲያጠብቀው ልጁ «አይደለም!» ብሎ ይጮኻል። ጥያቄው ከወላጁ ሳይሆን ከራሱ ከጽሑፉ መጣ።

እርሳሱስ? ቃል ላይ አይረፍ። በ1983 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሃስዌል የተባለ አሜሪካዊ መምህር የሚከተለውን ዘዴ ጽፎ አሳተመ፤ በተማሪው ድርሰት ላይ ስሕተቱን አያሳይም፣ ስሕተት ባለበት መስመር ትይዩ በኅዳጉ ላይ ምልክት ብቻ ያደርጋል። ተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በራሳቸው ፈልገው አረሙት። ተማሪዎቹ የኮሌጅ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ መሆኑን አልዘነጋም። ለእኛ የሚጠቅመው ክፍል ግን ቀላል ነው፤ ልጁ ያውቀዋል ግን ዘነጋው የምትሉት ነገር፣ ለምሳሌ «ጭጋግ ነበር» ካለ በኋላ የጠፋው አራት ነጥብ፣ በኅዳጉ ላይ አንዲት ነጥብ ይበቃዋል። ነጥቡን አይቶ ካገኘው ያውቀው ነበር። ካላገኘው አያውቀውምና ያ የመምህሩ ሥራ ነው፤ ይተውለት። ትእምርተ ጥቅሱንም በዚሁ እመድበዋለሁ።

መምህሩን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወላጅ ጨርሶ ያስተካከለው ድርሰት ለመምህሩ የሐሰት ምስክር ነው። ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል የሚያስተምር ሰው ከደብተሮቹ የሚማረው ክፍሉ በሙሉ ምን እንዳልገባው ነው። ሃያ ልጆች አራት ነጥብ ሲዘነጉ ካየ ነገ ስለ አራት ነጥብ ያስተምራል፤ ሃያ ወላጆች ማታ ነጥቡን ከጨመሩ ግን ትምህርቱ ይቀራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ገደብ አለው። በሞክሼ ፊደል መሳትና በፊደል ረድፍ መሳት አንድ አይደሉም። ልጁ «ሰበረ» ለማለት «ሳበረ»፣ «ልጁ» ለማለት «ለጁ»፣ ወይም ተን ከቸ፣ ነን ከኘ፣ ደን ከጀ እያቀያየረ ከጻፈ ነገሩ ሌላ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ እንደ ተጻፈው ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ድምፁ ካልተለወጠ ሞክሼ ነውና እለፉት። ሀገርና ሃገርም ከዚሁ ናቸው፤ በሀና በአ ቤት ግእዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል። ድምፁ ከተለወጠ ግን ልጁ የሚሰማውን በፊደል ማስፈር ገና አልጸናለትም። አንድ ቀን ከሆነ ድካም ነው። አራተኛ ክፍልን አልፎ በየገጹ ከተደጋገመ ግን ወላጁ ደብተሩን ይዞ መምህሩን ማነጋገር አለበት። ይህን ማረም አይበቃም፤ መደበቅም ልጁን ይጎዳዋል። በተለይ እንዲህ ያለውን ደብተር አስተካክሎ የሚልክ ወላጅ ልጁ ሊያገኘው የሚገባውን እርዳታ በገዛ እጁ ያዘገያል።

ከመድረኩ በፊት በጽሑፍ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ ለአንዱ ብቻ ጊዜ አለኝ። «ወላጁ ማንበብ የማይችል ከሆነስ?» ይላል። በአንኮበር ገጠር ይህ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። ከላይ የግድ ይነሡ ያልኳቸውን ሦስቱን ነገሮች እንደገና አስቧቸው፤ ያሉት ስንት ናቸው፣ የጠጣው ማን ነው፣ በሬውስ የሚወጋው ማንን ነው? አንዱም ፊደል መቁጠር አይጠይቅም። ልጁ ያነብባል፣ እናት እንጀራ እየጋገረች ትሰማለች፣ ግራ የገባት ቦታ ላይ «ማነው እሱ?» ትላለች። ልጁ እርሳሱን ያነሣል። ፊደል የቆጠረው ወላጅ ብዙ ጊዜ በተነስተንና በፀሀይ ላይ ተጠምዶ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያልፋል፤ እርሷ ግን ሌላ የምታርመው ስለሌላት በቀጥታ ወደዚያው ትሄዳለች። ለእንዲህ ያለችው እናት የምጨምርላት ምክር ቢኖር ልጁ አንብቦ ሲጨርስ የሰማችውን ታሪክ በራሷ ቃል መልሳ እንድትነግረው ነው። በነገረችው ውስጥ ሽማግሌው ካልተገኙ ልጁ የት እንደጣላቸው ይፈልግ።